የሰላምታ ዕዳ

ሰላምታችን ሲመለስልን ደስ ይለናል ማለት ነገሩን ከጫፉ ብቻ መንካት ነው። የሚሰማን ከደስታ ይልቅ እፎይታ ነው። ደስታ ከየትም ተነስቶ ሊመጣ ይችላል፤ እፎይታ ግን ስጋት ካልቀደመው አይመጣም። ታዲያ ጠዋት ከቤት ወጥተን ለጎረቤት «እንዴት አደርክ» ስንል የፈራነው ምንድን ነው? መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» እንደሚሆን እናውቃለን፤ ትናንትም ያው ነበር፣ ነገም ያው ይሆናል። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ጥያቄ ሰውን ሊያስጨንቅ ባልተገባ ነበር። ያስጨንቃል ግን። ጭንቀቱ በጣም አጭር ስለሆነ መልሱ በመጣ ቅጽበት ይጠፋል፤ መኖሩን የምናውቀው መልሱ የቀረ ዕለት ነው።

ይህን ጥያቄ የምታብላላበት ከተማ ምረጥ ብባል ድሬዳዋን እመርጣለሁ። ድሬ ሰው ከቤቱ ደጅ የሚኖርባት ከተማ ናት። ሙቀቱ ቤት አያስቀምጥም፤ በረንዳው፣ የሱቁ ደፍ፣ የዛፉ ጥላ ሥር ሁሉ የሰው መቀመጫ ነው። ከዚራ ውስጥ ከአንዱ ጥግ እስከ ሌላው የሚራመድ ሰው በብዙ ጥንድ ዐይኖች ፊት ያልፋል፤ ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ከገባ ደግሞ መንገዱ ስለሚጠብ ዐይኖቹ ይበልጥ ይቀርባሉ። ሰላም ሳይባባሉ መተላለፍ እዚያ አማራጭ አይመስልም።

ከዚህም ሌላ ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ተራራው ላይ ወዳለችው ሐረር መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከግርጌዋ ደረሰና ቆመ፤ ቦታውም መጀመሪያ አዲስ ሐረር ተባለ። በዙሪያው ከሚኖሩት ኦሮሞና ሶማሌ በተጨማሪ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመናዊው፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ እዚያው መጥቶ ተደባለቀ። በጥንቱ ደጋ ከበቅሎ ወርዶ ቀድሞ እጅ የሚነሳው ማን እንደሆነ የታወቀ ነበር፤ የሰውየው ዘር፣ ማዕረግና ርስት ይናገር ነበርና። ከባቡር የወረደውን እንግዳ ግን ማን ይመዝነዋል? እኔ እንደማየው የድሬ ሰው «አቦ» ብሎ ለማንም ቀድሞ ሰላም የሚለው፣ ትልቁንም ሰው «አንተ» የሚለው፣ የማዕረግ ሚዛን በሌለበት ከመጠባበቅ መቅደም ስለሚቀል ነው። ብልግና የሚመስለው ለደገኛ ጆሮ ብቻ ነው።

አሁን አንዲት ሰላምታ ወስደን እንያት። አንድ ሰው ከለገሃር ወደ ከዚራ ይራመዳል። የልብስ ሰፊው በሱቁ ደጅ ከመኪናው ጀርባ ተቀምጧል። «ሰላም ነው አቦ?» ይላል እግረኛው ሳይቆም። ልብስ ሰፊው ራሱን ቀና አድርጎ «ሰላም፣ ሰላም» ይልና ወደ መርፌው ይመለሳል። ምንም የተነገረ ነገር የለም። ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ እ.ኤ.አ. በ1923 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለው ንግግር ወሬ ለማቀበል ሳይሆን ሰውን ከሰው ለማቆራኘት ብቻ የሚነገር ነው ብሏል። ብዙ ሰው ከእሱ ወዲህ ይህንኑ ሲደግም ቆይቷል። እኔ ግማሹን ብቻ እቀበለዋለሁ። ማቆራኘቱ እውነት ነው። ወሬ የለውም መባሉ ግን ልክ አይመስለኝም፤ አንድ ወሬ አለው፣ ከዚያም ሌላ የለውም። ወሬው «ትናንት የነበርንበት ቦታ ላይ ነን» የሚል ነው። ይህ ወሬ በየቀኑ ይሻግታል፤ ትናንት ሰላም መሆናችን ዛሬም ሰላም ለመሆናችን ማስረጃ አይሆንም። ሌሊቱን አንድ ሰው ስለ እኔ ነግሮት ቢሆንስ? የጀመርኩት ቀልድ አስቀይሞት ቢሆንስ? እነዚህን ጥያቄዎች ማንም በቃል አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም ራሱ ይታመማል እንጂ መልስ አያገኝም። «ሰላም ነው?» ግን ሁሉንም ጠቅልላ በአንድ ትንፋሽ ትጠይቅለታለች።

የእፎይታው ሥር እዚህ ያለ ይመስለኛል። ሰላምታ የሚጀምር ሰው ሳያውቀው ራሱን በሌላው እጅ ላይ ያስቀምጣል። ቃሉ አንዴ ከአፉ ከወጣ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው እሱ አይደለም። ልብስ ሰፊው በዚያች ቅጽበት ባለሥልጣን ነው፤ መፍቀድም መንፈግም ይችላል። መልሱ ሲመጣ እግረኛው የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም፤ አስቀምጦት የነበረውን ራሱን መልሶ ይወስዳል እንጂ።

ያች ቅጽበት ምን ያህል ትረዝማለች? ታንያ ስቲቨርስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት ከተለያዩ የዓለም ክፍሎች የመጡ አሥር ቋንቋዎችን አመሳክረው ነበር። በአንድ ሰው ጥያቄና በሌላው መልስ መካከል የሚያልፈው ጊዜ በአማካይ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ገደማ ሆኖ አገኙት። በዚህ ልክ ካየነው ሙሉ አንድ ሰከንድ ዝምታ ረጅም ነው። እግረኛው ሁለት እርምጃ ሳይራመድ ልቡ አንድ ነገር መጉደሉን ያውቃል። እዚህ ላይ ኢማኑኤል ሼግሎፍ እ.ኤ.አ. በ1968 ያስተዋለው ነገር ይጠቅመናል። በዓለም ላይ በየቅጽበቱ ያልተነገረ ነገር ስፍር ቁጥር የለውም፤ ልብስ ሰፊው ስለ ዝናብ አልተናገረም፣ አልዘፈነም፣ አልሳለም። ከእነዚህ ዝምታዎች አንዱም አይታወቀንም። ከሰላምታ በኋላ ያለው ዝምታ ግን ከሌላው ዝምታ ይለያል፤ ሰላምታው ለመልሱ ቦታ አስለቅቆለታልና ባዶነቱ ራሱ ይታያል። አንድ ሰው ምንም ሳያደርግ ምን እንዳደረገብን መናገር የምንችለው በእንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብቻ ነው። «ዘጋኝ» እንላለን። ያልተከፈተ አፍ እንደተዘጋ በር ይቆጠርብናል።

መልስ ያጣ ሰላምታ ንክሻ ዕድሜው ከቋንቋ ይቀድማል። ኤድዋርድ ትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ሙከራ እናት ከጥቂት ወር ሕፃን ልጇ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጣ ስትጫወት ከቆየች በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ፊቷን እንድታደርቅ ትጠየቃለች፤ ልጇን ታየዋለች፣ ግን አትስቅም፣ አትመልስም። ሕፃኑ መጀመሪያ ፈገግ ይላል። መልስ ሲያጣ እንደገና ፈገግ ይላል፣ ድምፅ ያወጣል፣ እጁን ይዘረጋል። ከዚያ ዐይኑን ያሸሻል፣ ሰውነቱን ያዞራል። ይህን ያየ ሰው የሰላምታ ንክሻ ከኩራት የሚመጣ ነው ለማለት ይቸገራል። ያ ሕፃን ክብር የሚባል ነገር ገና አያውቅም፤ ማዕረጉ አልተነካበትም። የሚያውቀው ወደ አንድ ፊት ሲሄድ ያ ፊት ወደ እሱ እንደሚመጣ ብቻ ነው።

ኩራት ብቻ ነው የሚለውን ሐሳብ የሚያስቸግር ሌላም አለ። ኪፕሊንግ ዊሊያምስ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር አንድ ቀን መናፈሻ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሁለት እንግዶች መወርወሪያ ሳሕን አጠገቡ ወደቀ። መልሶ ወረወረላቸው፤ እነሱም ወረወሩለት። ጥቂት ከተቀባበሉ በኋላ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ብቻ መወርወር ጀመሩ፣ እሱን ተዉት። ከሁለት ደቂቃ በፊት የማያውቃቸው ሰዎች ስለተዉት እንዲህ መከፋቱ ራሱን ገረመው፤ ከዚያም በኮምፒውተር ላይ ኳስ የመቀባበል ጨዋታ ሠርቶ ብዙ ሰው ፈተነበት። ኳስ የተነፈጉት ከፍቷቸው ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ ሙከራ ውስጥ ተሳታፊዎቹ «የምትጫወቱት ከሰው ጋር አይደለም፣ ከማሽን ጋር ነው» ተብለው ነበር፤ ማሽን ሲነፍጋቸውም ከፋቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ የነፈጓቸው ሰዎች ኩ ክሉክስ ክላን የተባለው የዘረኞች ማኅበር አባላት እንደሆኑ ተነገራቸው። ያን ማኅበር የሚጠሉት ሰዎችም ከፋቸው። ሄግልን ተከትለው የሚያስቡ ፈላስፎች ከሌላው የምናገኘው ዕውቅና ዋጋ የሚኖረው እኛ ራሳችን ዕውቅና ከሰጠነው ሰው ሲመጣ ነው ይላሉ። ለረጅም ጊዜ ለተኖረ ሕይወት እውነት ሳይሆን አይቀርም። የመጀመሪያው ሰከንድ ግን መታወቂያ አይጠይቅም። ንቄዋለሁ የምንለው ሰው ሰላምታችንን ሳይመልስ ቢያልፍ እንኳ አንድ ነገር ይሰማናል፤ ለዚያውም በዚህ ሰው ተከፋሁ ብለን በራሳችን እንናደዳለን።

ዊሊያምስ ራሱ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለያል። አንደኛው ሳናስብ የሚመጣው ምት ነው። ቀጥሎ ማሰብ ይመጣል፤ ማን ነው ያደረገብኝ፣ ለምን፣ አውቆ ነው ወይስ ሳያውቅ እያልን እናሰላለን። ምቱን ማንም አያስቀረውም። ሕይወታችንን የሚያቀናው ወይም የሚያበላሸው ሁለተኛው ነው፤ ከተሞችና ሃይማኖቶች የሚለያዩትም እዚያ ላይ ነው።

ለዚህ መጋላ ውስጥ የቆየ ሕግ አለ። በእስልምና ሰላምታ መጀመር የተወደደ ሱና ነው፤ መመለስ ግን ግዴታ ነው። ቁርኣን በሱረቱ ኒሳእ 86ኛው አንቀጽ ሰላምታ የቀረበለት ሰው ከቀረበለት በተሻለ ወይም ቢያንስ በዚያው ልክ እንዲመልስ ያዛል። የነቢዩ ሐዲስ ደግሞ ማን ይጀምር የሚለውን ይደነግጋል፦ የሚጋልበው ለእግረኛው፣ የሚራመደው ለተቀመጠው፣ ጥቂቶቹ ለብዙዎቹ፣ ታናሹ ለታላቁ። የዚህን ድንጋጌ አመክንዮ ሳስበው ከመጨረሻው በቀር ማዕረግ አይታየኝም። የሚመጣው ሰው ነው ወደተቀመጠው የሚደርሰው፤ ጉዳትም ካለ ከእሱ ይመጣል። ስለዚህ ሰላም መሆኑን እሱ ቀድሞ ይናገር። የተቀመጠው መመለስ አለበት፤ ምክንያቱም አሁን ተጋላጩ ተቀይሯል፤ ቃሉን የሰጠው እግረኛ በአየር ላይ ቀርቷል። ግዴታው የተጣለው ሥልጣኑ ባለበት ላይ ነው።

ሕጉ ወደ ዝርዝር ሲገባ ይበልጥ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰዎች ተቀምጠው ሳለ አንድ ሰው «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ቢገባ ከመካከላቸው የአንዱ መልስ ለሁሉም ይበቃል። ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ የተሰበሰቡ አምስት ሰዎችን እናስብ። ምርቃናው ገና አልጀመረም፣ ጨዋታው ሞቅ ብሏል። ስድስተኛው ይገባና ሰላም ይላል። በሩ አጠገብ ያለው «ወዐለይኩም ሰላም፣ ግባ አቦ» ይለዋል። ዕዳው ተከፍሏል፤ በሕጉ ፊት ማንም ባለዕዳ አይደለም። ነገር ግን ስድስተኛው ሲገባ ዐይኑ የፈለገው ጥግ ላይ ያለውን ጓደኛውን ነበር፤ ጓደኛው ደግሞ ቀና አላለም፣ ጫቱን እየለቀመ ነው። ሰውየው ቦታ ይዞ ይቀመጣል፤ ከሰዓቱን ሁሉ ግን አንድ ዐይኑ ጥጉ ላይ ነው። ሕጉ ተሟልቶ ንክሻው ቀረ። ይህ የሕጉ ጉድለት ነው አልልም። ሕግ ሊያረጋግጥ የሚችለው ማኅበሩ ሰውየውን እንዳልገፋው ነው፤ ይህንንም በአንድ ቃል አረጋግጧል። የአንድ ሰው ልብ ለአንድ ሰው ክፍት መሆን አለመሆኑ በምትክ የሚከፈል ነገር አይደለም።

ያንኑ ሰውዬ እንከተለው። ወደ ማታ ሲወጣ ጥጉ ላይ የነበረው ጓደኛው ከኋላው ይደርስበታል። በሌላ ከተማ ቢሆን፣ ለምሳሌ እኔ በቆየሁባት አዲስ አበባ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ በኩርፊያ ያልፋል። የተከፋው አልከፋኝም ይላል፤ በሚቀጥለው ቀን እሱም እንዳላየ ሆኖ ያልፋል፤ ያኛው በተራው ምን አድርጌው ይሆን ይላል። ከሳምንት በኋላ በዳይ የሌላቸው ሁለት ተበዳዮች አሉ። ድሬ ላይ ያየሁት ልማድ ሌላ ነው። ቅሬታው እዚያው በአደባባይ፣ በጩኸትና በሳቅ ይወጣል።

ለምሳሌ ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቅስቶቹ ሥር ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ደንበኛዋ በፊቷ ሲያልፍ ሰላም አላላትም እንበል።

«አንተ! እንዲህ ነው እንዴ ዘግቶ ማለፍ?»

«ውይ አቦ፣ አላየሁሽም!»

«ዐይንህን ምን ነካው? ይሄ ሁሉ ቲማቲም ሲታይህ እኔ አልታይህም?»

«ወላሂ አላየሁሽም። ደህና ነሽ? ልጆቹስ?»

«ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሂድ በቃ፣ እንዳትደግመው።»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ይስቃሉ። ሰውየው ምናልባት አይቷታል። ምናልባት ዱቤ አለበት፣ ምናልባት ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። እሷም አይቷት እንደሆነ ሳትጠረጥር አልቀረችም። ግን «አላየሁሽም» ማለቱ በቃት። ውሸት ሊሆን የሚችል ቃል እንዴት ቁስል ያሽራል? መልሱ ይመስለኛል፣ ውሸቱ ራሱ ሰላምታ ስለሆነ ነው። ሰው ለማይፈልገው ሰው አይዋሽም፣ አይደክምም። «አላየሁሽም» ብሎ መማሉ «አይቼሽ ዝም ብል ኖሮ በደል እንደሚሆን አውቃለሁ፣ በዳይሽ መሆንም አልፈልግም» ማለቱ ነው። ሴትዮዋ ስትጠብቀው የነበረው ወሬ ይኸው ነበር፤ ዘግይቶ ደረሰ እንጂ አልቀረም።

የዚህ ልማድ ጥበብ ዝምታውን ሁለት ትርጉም ይዞ እንዳያድር ማድረጉ ነው። ያልተመለሰ ሰላምታ አስቸጋሪነቱ ከስድብም ይብሳል የምለው በዚህ ምክንያት ነው። የተሰደበ ሰው መሰደቡን ያውቃል። ሰላምታው ያልተመለሰለት ግን የሆነውን አያውቅም፤ ባጃጅ አልፎ ድምፁን ውጦት ይሁን፣ ፀሐይ ዐይን ላይ ወጥታ ይሁን፣ ወይስ ተጠልቶ ይሁን፣ ማስረጃ የለውም። እንዲጠይቅ ደግሞ ክብሩ አይፈቅድለትም፤ «ለምን ሰላም አላልከኝም» ብሎ በቁም ነገር የሚጠይቅ ሰው ምን ያህል እንደፈለገው ማጋለጡ ነውና። ቀልድ ይህን ችግር ያልፈዋል። በጩኸት የተከሰሰ ሰው እየሳቀ ይክዳል፤ ከሳሹም እየሳቀ ይቀበላል፤ ሁለቱም ክብራቸው አልተነካም።

ይሁን እንጂ ለሰላም ባይ ሁሉ ዕዳ አለብን ብዬ አላምንም። ሶላት ላይ ያለ ሰው ሰላም አይባልም፤ ቢባልም በቃል አይመልስም። ለቅሶ ቤት የገባ ሰውም እንደወትሮው ጤና ሲጠይቅ አይሰማም፤ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። እነዚህ ቀላሎቹ ናቸው። ከባዱ፣ በከዚራ ዛፎች ሥር ተደርድረው የሚቀመጡ ጎረምሶች ለምታልፈው ልጅ የሚወረውሩት «ሰላም ነው ቆንጆ» ነው። ካልመለሰች «ምን ያኮራሻል፣ የእግዜር ሰላምታ እኮ ነው» ይሏታል። ከመለሰች ደግሞ ሁለተኛው ቃል፣ ሦስተኛው ቃል፣ ከዚያም ተከትሎ መሄድ ይመጣል። ይህ የሰላምታን ግዴታ ወጥመድ ማድረግ ነው። ሰላምታው የሚጠይቀው «ሰላም ነን ወይ» ብሎ ከሆነ የማያውቃት ልጅ ዝም ማለቷም መልስ ነው፤ ሰላም የምትሆነው ሲተዋት ነው። ጎረምሳው የሚሰማውን ንክሻ አልክድም፤ ምቱ እሱንም ይመታዋል። ግን የተነከሰ ሁሉ የተበደለ አይደለም፤ ይህን መለየት ካልቻልን ስለ ሰላምታ የምንለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የጉልበተኛ ጠበቃ ይሆናል።

በተቃራኒው አቅጣጫ ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ የሚወርድ ንክሻ አለ። የመሥሪያ ቤት በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ጠዋት ለሚገባው ሁሉ እጁን ያነሳል። መስታወታቸውን ዘግተው የሚያልፉት መኪኖች ስንቱን ሰላምታ እንደሚውጡ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። እሱ እንደ ቲማቲም ሻጯ «አንተ! ዘጋኸኝ እኮ» ማለት አይችልም። የድሬ ቀልድ እንኳ እዚህ ይቆማል፤ የሚሠራው እኩል ለሆኑ፣ ወይም እኩል ለመምሰል ለተስማሙ ሰዎች ነው። ኤሪክ ዌሰልማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚያልፉ ሰዎችን አጠኑ። አንዳንዱን አጥኚዋ ዐይኑን አይታው ታልፋለች፣ አንዳንዱን አይታው ፈገግ ትላለች፣ አንዳንዱን ደግሞ ባዶ አየር እንደሆነ ሁሉ በእሱ አሻግራ ታያለች። ወዲያው ሲጠየቁ፣ በአየር ዕይታ የታለፉት ከታዩት ይልቅ ከሰው የመራቅ ስሜት ተሰምቷቸው ነበር። አንዲት የማያውቋት ሴት፣ አንድ ጊዜ፣ ለአንድ ሰከንድ ያደረገችው ነው። ዘበኛውን ዕድሜ ልኩን የሚያደርጉት የሚያውቁት ሰዎች ናቸው።

የሚገርመኝ፣ ምጽዋት ላይ ልማዳችን ይህን አውቆት ኖሯል። ለማኝ እጁን ሲዘረጋ የማይሰጥ ሰው ዝም ብሎ አያልፍም፤ «እግዜር ይስጥህ» ይላል። ሳንቲም አልሰጠም፤ መልስ ግን ሰጥቷል። ለማኙም ብዙ ጊዜ መርቆ ይሸኘዋል። ገንዘብ መከልከል ይቻላል፣ መልስ መከልከል ግን ነውር ነው የሚል ሕግ ማንም ሳይጽፈው በአፋችን ላይ አለ። ያው ሰውዬ ግን ዘበኛው ፊት ሲደርስ ሕጉን ይረሳዋል፤ ምናልባት ለማኙ እርግማን ስላለው፣ ዘበኛው ደግሞ ደመወዝ ስላለው ይሆን?

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የአስቸኳይ ጊዜው ደንብ በእጅ መጨባበጥን ከልክሎ ነበር። ትከሻ የማጋጨቱም ነገር አብሮ ቀዘቀዘ። ሰው ክርኑን አጋጨ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ጭንብሉን ሳያወልቅ በዐይኑ ሳቀ። ያ ጊዜ ሳይታሰብ የተደረገ ሙከራ ነበር፤ የሰላምታው አካል ሁሉ ሲነሳ ምን ይቀራል የሚል። የቀረው መመለስ ብቻ ነበር፣ እሱም በቃ። ደረቱ ላይ እጁን ላደረገ ሰው ደረታችን ላይ እጃችንን ካደረግን ማንም ተከፍቶ አልሄደም። የተከፋው እጁን ዘርግቶ እጁ በአየር ላይ የቀረበት ነው፤ ለዚያውም ደንቡን እያወቀ፣ ያኛው ትክክል መሆኑን እያመነ።

የቆየ ቂም ውስጥ ሲገባ ነገሩ ይወሳሰባል። ሰላምታ ያቋረጡ ጎረቤቶች ሁለቱም መመለስ ይፈልጋሉ፤ መጀመር ግን የማይፈልጉት ሁለቱም ናቸው። ሐዲሱ ሙስሊም ወንድሙን ከሦስት ቀን በላይ እንዳያኮርፍ ከልክሎ፣ ከሁለቱ የሚሻለው ሰላምታ የሚጀምረው ነው ይላል። ሦስት ቀን መፍቀዱን ልብ በሉ፤ ንክሻው አይኑር አላለም፣ ጊዜ ወሰነለት እንጂ። ሆኖም «የሚሻለው» መባሉም ለአንዳንድ ሰው አይበቃም። መጀመር ያው ራስን በሌላው እጅ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ አሁን የተቀየመ ሰው እጅ ነው።

ድሬ ውስጥ በአንድ ግቢ ይህን የፈቱበትን መንገድ አይቻለሁ። ሁለት ጎረቤታሞች ከተኳረፉ ከርመዋል። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ሁለቱም በየደጃቸው ተቀምጠው ሳለ ከበሩ ገቡና በመካከል ቆመው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «እንዴት ዋላችሁ?» አሉ፤ ለማን እንዳሉ ሳይለዩ። ሁለቱም ለእሳቸው ለመመለስ ቸኮሉና አንድ ላይ «ደህና፣ እንዴት ዋልሽ አደዬ?» አሉ። ድምፃቸው ተጋጨ፣ ዐይናቸውም ተጋጨ። ሴትዮዋ አልቆሙም፤ የመጡበትን ጨው ተበድረው ወጡ። በማግስቱ ሁለቱ ሰላም ተባባሉ። ማን ጀመረ ቢባል እያንዳንዱ ያኛው ነው ይላል፤ እውነቱን ለማጣራት የሞከረ ሰው ግቢው ውስጥ አልነበረም።